የግብር እፎይታ ለውጭ ባለሀብቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ግብር እፎይታ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ቶሎ ወደ ሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ «ባለሀብት አታባርሩ» ይላል። ሌላው «ሀገር በነፃ ተሸጠች» ይላል። ሁለቱም የሚዘሉት አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ባለሀብት እፎይታው ባይኖር ኖሮ ይመጣ ነበር ወይስ አይመጣም? እኔ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ የሚወሰን ይመስለኛል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የግብር እፎይታ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

አንድ ድርጅት ከትርፉ ላይ ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር አለ። የግብር እፎይታ ማለት ይህን ግብር ለተወሰነ ዓመት ጨርሶ አለመክፈል ነው። አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል፣ አሥርም ይሰጣል፣ ከዚያ የሚረዝምም አለ። አንዳንዴ ጊዜው ሲያልቅ ለተጨማሪ ጥቂት ዓመታት ግማሹን ብቻ ክፈል ይባላል።

ማሽን ሲያስገቡ ቀረጥ አለመክፈል ሌላ ነገር ነው። መሬት በርካሽ ማግኘትም ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ጥቅል ስለሚሰጡ ይምታታሉ። እዚህ የምናወራው ስለ ትርፍ ግብሩ ብቻ ነው።

ፋብሪካው ባይመጣ ግብሩም አይኖርም ነበር። ታዲያ የቱ ገቢ ነው ጠፋ የሚባለው?

ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች ጠንካራው ነው። ግማሹም እውነት ነው። በእፎይታው ምክንያት ብቻ ከመጣ ፋብሪካ ላይ ያልተሰበሰበ ግብር፣ ጠፋ ሊባል አይችልም። ያልነበረ ነገር አይጠፋም።

ችግሩ ያለው በሌሎቹ ላይ ነው። እፎይታው በሕግ ከወጣ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ይወስደዋል። ያለ እፎይታውም መምጣቱ የማይቀር የነበረው አብሮ ይወስዳል።

በቁጥር እንየው። አሥር ፋብሪካዎች መጡ እንበል። እያንዳንዱ 200 ሰው ይቀጥራል። እፎይታው ባይኖር እያንዳንዱ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ግብር ይከፍል ነበር። ሪፖርት ሲጻፍ ሒሳቡ እንዲህ ይቀመጣል፦ 10 ሚሊዮን ዶላር ተትቶ 2,000 የሥራ ዕድል ተገኘ፣ ለአንድ ሥራ በዓመት 5,000 ዶላር። ያስኬዳል።

አሁን ከአሥሩ ስምንቱ ያለ እፎይታውም ይመጡ ነበር እንበል። የእነዚህ ስምንት ፋብሪካዎች 8 ሚሊዮን ዶላር በየዓመቱ በእርግጥ ጠፍቷል። መንግሥት ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይሰበስበው የነበረ ገንዘብ ነው። እፎይታው ያስገኘው አዲስ ሥራ ደግሞ የቀሩት ሁለት ፋብሪካዎች 400 ሥራ ብቻ ነው። 8 ሚሊዮንን ለ400 ስናካፍል አንድ ሥራ በዓመት 20,000 ዶላር አወጣ። ሠራተኛው በዓመት 3,000 ዶላር የሚከፈለው ከሆነ፣ መንግሥት ለዚያ ሥራ ከደመወዙ ስድስት እጥፍ በላይ ከፍሏል ማለት ነው።

ፋብሪካዎቹ፣ ሠራተኞቹም ሆነ የግብሩ መጠን አልተለወጡም። የተለወጠው «ባይሰጣቸው ይመጡ ነበር ወይ» ለሚለው የሰጠነው መልስ ብቻ ነው። 20,000ው የተገኘው ከዚያ ነው።

ያለ እፎይታው ይመጡ እንደነበር በምን ይታወቃል?

አንደኛው መንገድ ራሳቸውን መጠየቅ ነው። የዓለም ባንክ በተለያዩ ሀገሮች ባለሀብቶችን «ማበረታቻው ባይኖርም ኢንቨስት ታደርጉ ነበር?» ብሎ ጠይቋል። በሩዋንዳ 98 በመቶ፣ በኡጋንዳ 93 በመቶ፣ በታንዛኒያ 91 በመቶ፣ በቬትናም 85 በመቶ፣ በኬንያ 61 በመቶ የሚሆኑት «አዎ» ብለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተጠየቁት እፎይታውን የሚወስዱት ሰዎች ናቸው። የሚጠቅማቸው «ያለሱ አንመጣም ነበር» ማለት ነው። ይህን የማለት ፍላጎት እያላቸው እንኳ ይህን ያህሉ «እንመጣ ነበር» ካለ፣ ቁጥሩን አጋኗል ብሎ መጠርጠር ይከብዳል።

ሁለተኛው መንገድ እፎይታውን ያነሳ ሀገር ምን እንደሆነ ማየት ነው። ኢንዶኔዥያ በ1984 የግብር ሕጓን ስታሻሽል እፎይታውን አስቀርታ የግብር ምጣኔውን ለሁሉም ዝቅ አደረገች። ባለሀብት ይሸሻል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት የውጭ ኢንቨስትመንት አደገ እንጂ አልወደቀም። በእርግጥ በዚያን ጊዜ ሌሎች ማሻሻያዎችም ስለነበሩ ዕድገቱን ሁሉ ለዚህ መስጠት አይገባም። ግን እፎይታ ከሌለ ማንም አይመጣም የሚለውን አባባል ለማፍረስ ይበቃል።

ሦስተኛው የተመራማሪዎች መንገድ ነው። ከ1985 እስከ 2004 የላቲን አሜሪካ፣ የካሪቢያንና የአፍሪካ ከ40 በላይ ሀገሮችን መረጃ ያነጻጸረ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ረጅም እፎይታ በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን የውጭ ኢንቨስትመንት ሲስብ አግኝቷል። በአፍሪካ ግን ይህን አላገኘም። በሀገር ውስጥ በጠቅላላ በተሠራው ካፒታል፣ ማለትም በፋብሪካ፣ በሕንፃና በማሽን፣ ላይ ደግሞ የትም ቦታ ለውጥ አላየም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ያሳስበኛል። የውጭ ገንዘብ ገብቶ አጠቃላይ ግንባታው ካልጨመረ፣ የገባው ሌላውን ተክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ወይ ነባር ድርጅት ባለቤት ቀይሮ ይሆናል።

ታዲያ ግብር ለባለሀብት ምንም ለውጥ አያመጣም?

ያመጣል። ግን ለሁሉም እኩል አይደለም።

ባለሀብቱ የሚመጣው ለምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ወርቅ ፍለጋ የመጣ ወርቁ ወዳለበት ይሄዳል። ማዕድን ቦታ አይቀይርም። ለሀገሬው ገበያ ስልክ አገልግሎት፣ ባንክ፣ ቢራ ወይም ሲሚንቶ ሊሸጥ የመጣም ገዢው ያለበት ቦታ ይተክላል። ለእነዚህ እፎይታ መስጠት ከሞላ ጎደል ስጦታ ነው።

ሸሚዝ ሰፍቶ ወደ ሌላ አህጉር የሚልክ ግን ሌላ ሰው ነው። መኪናዎቹ የልብስ ስፌት መኪኖች ናቸው፣ ነቅሎ መሄድ ይችላል። ትርፉም ቀጭን ነው። ለእሱ ግብር ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የዓለም ባንክ ጥናት በኒካራጓ «ያለ ማበረታቻው እንመጣ ነበር» ያሉት 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሩዋንዳ 98፣ ኒካራጓ 15። አንድ ዓይነት ሕግ ለሁሉም አይሠራም።

ሌላው ነገር ግብር ወደ ሒሳቡ የሚገባበት ሰዓት ነው። ኩባንያ ቦታ ሲመርጥ መጀመሪያ ረጅም ዝርዝር ይይዛል። መብራት የሚቆራረጥበት፣ ወደብ የራቀው፣ የሰለጠነ ሠራተኛ የሌለው እያለ ይሰርዛል። በዚህ ደረጃ ስለ ግብር ብዙም አይነሳም። መጨረሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ ሀገሮች ሲቀሩ ነው የግብር ድርድሩ የሚጦፈው። ስለዚህ እፎይታ አንድን ሀገር ከዝርዝሩ ግርጌ ወደ ላይ አያወጣም። ከመጨረሻዎቹ ሁለት አንዱን ሊያስመርጥ ይችላል፣ ያ ብቻ ነው።

ኢንቴል በ1996 ኮስታሪካን ሲመርጥ ብራዚል፣ ቺሊና ሜክሲኮም በዝርዝሩ ነበሩ። ኮስታሪካ የሰጠችው በነፃ ቀጠና ሕጓ ያለውን ነው፦ ስምንት ዓመት ሙሉ እፎይታ፣ ከዚያ አራት ዓመት ግማሽ። ግን ለምርጫው የሚጠቀሱት ምክንያቶች የፖለቲካ መረጋጋቷ፣ የተማረ የሰው ኃይሏና ባለሥልጣኖቿ ጥያቄን በፍጥነት መመለሳቸው ናቸው። ኩባንያው በ2014 ደግሞ የመገጣጠሚያ ሥራውን ወደ እስያ ማዛወሩን አስታወቀ። ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎች ሥራ አጡ። የምህንድስናና የአገልግሎት ክፍሉ ግን ቀረ። ያስቀረው ደግሞ የሰለጠነው ሰው ነው።

ከእፎይታው ይበልጥ የሚጠቀመው የትኛው ባለሀብት ነው?

ትርፉ ብዙና ፈጣን የሆነው። እፎይታው የሚሰጠው በትርፍ ላይ ስለሆነ፣ ብዙ ባተረፍክ ቁጥር ብዙ ይቀርልሃል። ካላተረፍክ ምንም አታገኝም።

የጎማ ዛፍ የሚተክል ባለሀብት አስቡ። ዛፉ ተተክሎ ወተቱ እስኪቀዳ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈልጋል። በእነዚያ ዓመታት ያለው ወጪ ብቻ ነው፦ መሬት ማዘጋጀት፣ ችግኝ፣ አረም፣ ደመወዝ። ትርፍ የለም። ትርፍ ከሌለ ግብርም የለም። የአሥር ዓመት እፎይታ ፈቃዱ ከወጣበት ቀን መቆጠር ከጀመረ፣ ስድስቱ ዓመት ባዶውን ያልፋል። ዛፉ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር እፎይታው ሊያልቅ ሦስት አራት ዓመት ይቀረዋል። ይባስ ብሎ በአንዳንድ ሕጎች በእፎይታው ጊዜ የደረሰን ኪሳራ ወደ ቀጣይ ዓመት ማሸጋገር አይቻልም። ያኔ ሰውዬው በእፎይታው ተጎዳ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ከውጭ የመጣ ዘይት በጠርሙስ እየሞላ የሚሸጥ ድርጅት አለ። ማሽኑ በስድስት ወር ይተከላል። ከመጀመሪያው ዓመት ያተርፋል። አሥሩንም ዓመት ጥርግ አድርጎ ይጠቀማል። በአሥራ አንደኛው ማሽኑን ሸጦ ሊሄድ ይችላል።

ሀገሪቱ የምትፈልገው የትኛውን ነው? አርሶ፣ ተክሎ፣ ሰባት ዓመት የጠበቀውን። እፎይታው የካሰው ግን ሌላኛውን ነው።

ጎረቤት ሀገር ከሰጠችስ? እኛ ብቻ ብንተው አንጎዳም?

ፉክክሩን የሚነዳው ይህ ስጋት ነው። ስጋቱ ሞኝነት አይደለም። በጥንቃቄ ልየው።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሀገሮች አሉ። ሁለቱም ትርፍ ላይ 25 በመቶ ግብር ይጥላሉ። አንድ ፋብሪካ ለሁለቱም ገበያ የሚበቃ ምርት ሊያመርት ይፈልጋል። በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር ያተርፋል፣ ስለዚህ ግብሩ 1 ሚሊዮን ነው። የመጀመሪያይቱ ሀገር ለወደብ ትቀርባለች። እዚያ ቢተክል ከትራንስፖርት ወጪ በዓመት 600,000 ዶላር ይቆጥባል። ማንም ምንም ባይሰጥ እዚያ ይተክላል፣ 1 ሚሊዮንም ይከፍላል።

ሁለተኛይቱ አምስት ዓመት እፎይታ አቀረበች። አሁን 1 ሚሊዮን ይቀርለታል፣ ከ600,000ው ይበልጣል፤ ሚዛኑ ወደ እሷ አጋደለ። የመጀመሪያይቱ ሰምታ እሷም አምስት ዓመት ሰጠች። ሚዛኑ ተመለሰ። ፋብሪካው መጀመሪያም ሊተከል የነበረበት ቦታ ተተከለ።

ምን ተለወጠ? ፋብሪካው ቦታ አልቀየረም። የሰው ቁጥር አልጨመረም። 5 ሚሊዮን ዶላር ግን ከካዝናው ወጥቷል። ሁለቱም ሀገሮች ያደረጉት በራሳቸው በኩል ሲታይ ትክክል ነበር። ሲደመር ግን ለባለሀብቱ ሰጥተው ዝም ነው።

በዚህ አያበቃም። በዚያው ዘርፍ ያለ ነባር ፋብሪካ «እኔ 25 በመቶ እየከፈልኩ ከማይከፍል ጋር እንዴት ልወዳደር?» ብሎ ይመጣል። እውነቱን ነው። ለእሱም ይሰጣል፣ ወይም ተዳክሞ ይዘጋል። አንዳንዱ ሌላ ብልሃት ያገኛል፦ ገንዘቡን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ እዚያ ኩባንያ አቋቁሞ፣ የውጭ ባለሀብት ሆኖ ተመልሶ ይገባል።

ብቻን መውጣት ስለሚከብድ ነው ሀገሮች በጋራ ለመስማማት የሚሞክሩት። የአውሮፓ ኅብረት አባላት በ1997 ጎጂ የግብር ፉክክርን ለመግታት የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበሉ። እንዲህ ያለው ደንብ አስቸጋሪነቱ አንዱን በር ሲዘጉ ሌላው መከፈቱ ነው። እፎይታ ሲከለከል መሬት በነፃ ይሰጣል፣ መሬት ሲከለከል መብራት በቅናሽ ይቀርባል። በዓለም ዙሪያ በሕግ የተጻፈው የኩባንያ ግብር ምጣኔ በ1980 በአማካይ 40 በመቶ ገደማ ነበር። ዛሬ ከ25 በመቶ በታች ነው።

ከትርፍ ግብሩ ሌላ የሚያስገቡት የለም? የሠራተኛ ግብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ…

አለ፣ እሱንም መቁጠር ተገቢ ነው። ግን የሚቆጠረው በእፎይታው ምክንያት ብቻ ከመጡት ላይ ነው። መምጣታቸው የማይቀረው ስምንቱ ፋብሪካዎች የሠራተኛ ግብሩን ያለ እፎይታውም ያስገቡ ነበር። ከገቢው ጎን ደግሞ ወጪውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፦ የተዘረጋው መንገድ፣ የተሳበው መስመር፣ ውሃው።

መንግሥት የተወው ግብር መጨረሻው የት ነው?

ብዙ ሰው ባለሀብቱ ኪስ ይገባል ብሎ ያስባል። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ የሚገባው ወደ ሌላ ሀገር ካዝና ነው።

አንዳንድ ሀገሮች ዜጋ ኩባንያዎቻቸውን በዓለም ዙሪያ ባገኙት ትርፍ ላይ ግብር ያስከፍላሉ። ኩባንያው ውጭ የከፈለው ካለ ይቀነስለታል። ውጭ ምንም ካልከፈለ የሚቀነስ የለም፣ ሙሉውን ሀገሩ ይከፍላል። አስተናጋጇ ሀገር የተወችው ግብር ለባለሀብቱ ሀገር ተሰጠ ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት አንዳንድ የተደራራቢ ግብር ስምምነቶች «በእፎይታ የተተወውን እንደተከፈለ ቁጠሩት» የሚል አንቀጽ ይዘዋል። እንደ ብሪታንያና ጃፓን ያሉት ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ከውጭ የሚመጣን የትርፍ ድርሻ በአብዛኛው ከግብር ነፃ ስላደረጉ ችግሩ በእነሱ በኩል ቀንሷል።

አሁን ግን ጥያቄው በአዲስ መልክ ተመልሷል። በ2021 ከ130 በላይ ሀገሮች በትላልቅ ድርጅቶች ላይ 15 በመቶ ዝቅተኛ ግብር እንዲኖር ተስማሙ። የሚመለከተው ዓመታዊ ገቢያቸው ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆኑ ዓለም አቀፍ ቡድኖችን ነው። አንድ ቅርንጫፍ በሚሠራበት ሀገር ከ15 በመቶ በታች ከከፈለ፣ ልዩነቱን ሌላ ሀገር መሰብሰብ ይችላል።

በምሳሌ እንየው። ቅርንጫፉ 20 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ፣ በእፎይታ ምክንያት ምንም አልከፈለም። ሕጉ ለእውነተኛ ሥራ የተወሰነ ቅናሽ አለው። ከሽግግሩ ዓመታት በኋላ ቅናሹ የደመወዝ 5 በመቶና የሕንፃና ማሽን ዋጋ 5 በመቶ ይሆናል። ደመወዙ 10 ሚሊዮን፣ ንብረቱ 60 ሚሊዮን ከሆነ 3.5 ሚሊዮን ይቀነሳል። በቀረው 16.5 ሚሊዮን ላይ 15 በመቶ ሲሰላ 2.5 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህን ገንዘብ ኩባንያው መክፈሉ አይቀርም። ጥያቄው ለማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

አስተናጋጇ ሀገር «ማሟያውን እኔው እሰበስባለሁ» የሚል ሕግ ካወጣች ለእሷ ይሆናል። ካላወጣች ዋናው መሥሪያ ቤት ያለበት ሀገር ይወስደዋል። ቬትናም ይህ ገብቷት ከጥር 2024 ጀምሮ የሚሠራ የማሟያ ግብር አወጣች። ገደቡን ሳልናገር አላልፍም። አብዛኛው ባለሀብት 750 ሚሊዮን ዩሮ አይደርስም። ቡድን ሰባት የሚባሉት የበለጸጉ ሀገሮችም በሰኔ 2025 ዋና መሥሪያ ቤታቸው አሜሪካ የሆኑ ኩባንያዎች ከሌላ ሀገር ሰብሳቢነት ነፃ ይሁኑ በሚለው ተስማምተዋል። ስለዚህ ሀገሮች እያንዳንዱን ባለሀብት «ወላጅ ኩባንያው የማን ነው?» ብለው መጠየቅ አለባቸው።

እፎይታው ሲያልቅ ምን ይሆናል?

ጥሩው ድርጅት መክፈል ይጀምራል። ሌላው ደግሞ ያኔ ነው መታየት ያለበት።

አንዱ ዘዴ ዳግም መወለድ ነው። በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው ዓመት ድርጅቱ ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ በሌላ ስም አዲስ ድርጅት ይመዘገባል፣ አዲስ እፎይታም ይወስዳል። ግቢው ያው፣ ሥራ አስኪያጁ ያው። አንድ ኦዲተር ይህን ለማወቅ ብዙ መመራመር የለበትም። የማሽኖቹን ተከታታይ ቁጥር ከአሥር ዓመት በፊት ከገቡበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ጋር ማመሳከር ይበቃዋል። ቁጥሩ ከገጠመ ኢንቨስትመንቱ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛው ትርፍን ማዘዋወር ነው። ባለቤቱ ሁለት ድርጅት አለው፤ አንዱ እፎይታ ላይ ነው፣ ሌላው ይከፍላል። ከፋዩ ጥሬ ዕቃውን ለነፃው በርካሽ ይሸጣል። ትርፉ ነፃው ጋ ይከማቻል፣ ከፋዩ ጋ ኪሳራ ይታያል። ምልክቱ የትርፍ ህዳጉ ላይ ነው። በዘርፉ ያሉ ሌሎች ከመቶ ብር ሽያጭ 8 ብር ሲያተርፉ እፎይታ ላይ ያለው 30 ካተረፈ፣ የእህት ኩባንያውን ደረሰኞች ማየት ያስፈልጋል። እፎይታው ባለቀ ማግስት 30ው ወደ 3 ከወረደ ደግሞ ምልክቱ ጠነከረ።

እዚህ ላይ ግብር መሥሪያ ቤቶች ደጋግመው የሚሠሩት ስህተት አለ። «እፎይታ ላይ ስለሆነ የሚሰበሰብ የለም» ብለው የነፃውን ድርጅት ዓመታዊ ሒሳብ አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም አያዩትም። አሥር ዓመት ሙሉ ባዶ ፋይል ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚነጻጸር ነገር አይገኝም።

አንዴ የተሰጠ እፎይታ ይመለሳል?

ለአዲስ የሚገቡ ባለሀብቶች ማስቀረት ይቻላል። ግብፅ በ2005 ባወጣችው የገቢ ግብር ሕግ ለአዲስ ኢንቨስትመንት እፎይታውን አስቀርታ ምጣኔውን ከ40 ወደ 20 በመቶ አወረደች። በውል ለተሰጣቸው ግን ከባድ ነው። ብዙ ውሎች «ሕግ ቢቀየርም እኔን አይነካኝም» የሚል አንቀጽ አላቸው፤ ከተጣሰ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ግልግል ፊት ይቀርባል። ስለዚህ ጊዜው እስኪያልቅ መጠበቅ የተለመደ ነው።

እፎይታ ካልሆነ ምን ይሰጥ?

የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ የዓለም ባንክ፣ የተባበሩት መንግሥታትና የበለጸጉ ሀገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት የሆነው ኦኢሲዲ በ2015 ለቡድን 20 ባቀረቡት የጋራ ሰነድ ላይ ያሉት አንድ ነገር ይህ ነው፦ ማበረታቻው ከትርፉ ጋር ሳይሆን ከወጣው ወጪ ጋር ይያያዝ። ነገሩ ደረቅ ይመስላል፣ በቁጥር ሲታይ ግን ልብ ይነካል።

ባለሀብቱ 60 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ፋብሪካ ተከለ። የማሽን እርጅና፣ ማለትም ማሽኑ በየዓመቱ የሚያጣው ዋጋ፣ ሳይቀነስ በዓመት 20 ሚሊዮን ያገኛል። ግብሩ 25 በመቶ ነው። ማሽኑ አሥር ዓመት ያገለግላል።

በተለመደው አሠራር በየዓመቱ 6 ሚሊዮን እርጅና ይቀነስለታል። በቀረው 14 ሚሊዮን ላይ 3.5 ሚሊዮን ይከፍላል። በአሥር ዓመት 35 ሚሊዮን።

በአሥር ዓመት እፎይታ ዜሮ ይከፍላል።

በሦስተኛው መንገድ ሕጉ «ያወጣኸውን 60 ሚሊዮን ወዲያው ቀንስ» ይለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገቢ 60 ሚሊዮን ስለሆነ ተቀናሹ ይበላዋል፣ ምንም ግብር አይከፍልም። ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ የሚቀነስ ስለሌለ በ20 ሚሊዮኑ ላይ 5 ሚሊዮን ይከፍላል። ሰባት ዓመት በ5 ሚሊዮን፣ 35 ሚሊዮን። ድምሩ ከተለመደው ጋር እኩል ነው! መንግሥት የጠፋበት ገንዘቡን ዘግይቶ ማግኘቱ ብቻ ነው። ባለሀብቱ ደግሞ ብድር በሚከፍልበትና እጁ በሚያጥረው ወቅት ትንፋሽ አገኘ። የጎማ ዛፍ ተካዩም ኪሳራውን ይዞ እስከ ሰባተኛው ዓመት መሻገር ከቻለ ይጠቀማል። ዘይት ሞዪው ትንሽ ማሽን ስላለው ትንሽ ያገኛል።

ይህም ቀዳዳ አለው። ማሽኑን ከዋጋው በላይ አስመስሎ ማስገባት ይቻላል። 40 ሚሊዮን የሚያወጣው 60 ተብሎ ከተመዘገበ ተቀናሹም አብሮ ያብጣል። ማሽኑ ያገለገለ ሲሆንና ሻጩ እህት ኩባንያ ሲሆን በተለይ መጠንቀቅ ነው። ግን ይህን ለማጣራት ቢያንስ የሚታይ ማሽንና የሚመረመር ደረሰኝ አለ።

የትኛውም ይመረጥ፣ ማበረታቻው በግብር ሕጉ ውስጥ ይጻፍ፤ በየሚኒስትሩ ደብዳቤ አይሰጥ። የተተወው ገንዘብም በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር ለፓርላማ ይቅረብ፦ ለየትኛው ዘርፍ፣ ስንት፣ ለስንት ዓመት፣ በምን ተስፋ። ለሆስፒታል የሚወጣ 8 ሚሊዮን ተሰልቶ፣ ተከራክሮበት፣ ድምፅ ተሰጥቶበት ነው የሚያልፈው። በእፎይታ የሚሄደው 8 ሚሊዮንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጎኑ መቀመጥ አለበት።